ለሽያጭ ሥራ ቃለ መጠይቅ፦ «ውጤትሽን በቁጥር አሳዪ» እና «ይህን ዕቃ ሽጪልኝ» ሲሉ

ጥያቄ፦ «ደሴ አንድ የጅምላ አከፋፋይ ዘንድ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ የሳሙና ትዕዛዝ እቀበላለሁ፣ የዱቤ ሒሳብም እሰበስባለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ያለ ፓስታና ብስኩት አምራች ለሽያጭ ሠራተኝነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል፤ አንድ ሳምንት ነው የቀረኝ። ውጤትሽን በቁጥር አስረጂ ይላሉ አሉኝ፣ እኔ ጋ ግን የተጻፈ ሪፖርት የለም። ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ አንስተው ሽጪልኝ ይላሉ ሲባል ሰምቼ ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሪፖርት ባይኖርሽም ቁጥሩ አለሽ፤ ተበታትኖ ስለሆነ ነው ያልታየሽ። ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ሻጭ ሦስት ቦታ ላይ ዱካ ይተዋል። የመጀመሪያው የትዕዛዝ ደብተርሽ ላይ የሚቀረው የካርቦን ኮፒ ነው። ሁለተኛው ማታ ማታ ለመጋዘን ሠራተኛው በስልክ የምትልኪው ዝርዝር ነው፤ በቴሌግራም ከሆነ የላክሽው፣ ወደ ኋላ ብትመለሺ የዓመት ትዕዛዝ ከነቀኑ ታገኚያለሽ። ሦስተኛው በየወሩ የተቀበልሽው ኮሚሽን ነው። ኮሚሽንሽ ከሽያጩ አንድ በመቶ ከሆነና በአንድ ወር 7,052 ብር ከተከፈለሽ፣ የዚያ ወር ሽያጭሽ ወደ 705,200 ብር ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር አጣሪ። ኮሚሽኑ የሚሰላው ተጨማሪ እሴት ታክስ ከመደመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የ15 በመቶ ልዩነት አለው። ደግሞስ በተሸጠው ላይ ነው ወይስ ገንዘቡ በገባው ላይ? በገባው ላይ ከሆነ ያገኘሽው ቁጥር ሽያጭሽን ሳይሆን ስብስብሽን ነው የሚያሳየው።

የሁለት ዓመቱን ሁሉ ለመቁጠር አትድከሚ። ተከታታይ ሦስት ወር ምረጪ፣ ለምሳሌ ከመስከረም እስከ ኅዳር፤ ያለፈውን ዓመት እነዚያኑ ሦስት ወራት አውጪና የሁለቱን የወር አማካይ አነጻጽሪ። አንድን ወር ብቻውን ከሌላ ወር ጋር ማነጻጸር እኛ አካባቢ ቶሎ ያሳስታል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል፤ ዓቢይ ጾምም ከፋሲካ ጋር ቦታውን ይቀያይራል። ዘንድሮ የካቲት ከአምናው የካቲት ከፍ ብሎ ቢገኝ አንቺ ስለበረታሽ ይሁን የበዓል ገበያው ቀድሞ ስለገባ አይለይም። ደሴና ኮምቦልቻ የሚሸጥ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጠያቂሽም ሻጭ የነበረ ሰው ከሆነ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ በራስሽ ተኪያቸው። አምና በእነዚያ ሦስት ወራት በወር በአማካይ 310 ካርቶን ሸጥሽ እንበል፤ የአንዱ ካርቶን ዋጋ 1,400 ብር ነበር። ያ 434,000 ብር ነው። ዘንድሮ በወር 403 ካርቶን፣ የካርቶኑ ዋጋ 1,750 ብር፤ 705,250 ብር መጣ። በብር ብታስቢው ሽያጭሽ 62.5 በመቶ አድጓል። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን «ሽያጬን 62 በመቶ አሳድጌያለሁ» ብለሽ ብትናገሪ፣ ልምድ ያለው ጠያቂ «ዋጋው ስንት ጨመረ?» ይልሻል፤ ያን ጊዜ መልሱ 25 በመቶ ነው፣ እሱን ደግሞ የጨመረው ፋብሪካው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በብር የሚነገር ዕድገት ሲሰማ ጠያቂ ሁሉ መጠራጠሩ አይቀርም። የአንቺ ሥራ በካርቶን ነው የሚታየው፤ ከ310 ወደ 403፣ ሠላሳ በመቶ። ስለዚህ አስቀድመሽ በካርቶን ተናገሪ፣ ብሩን ከኋላ አስከትይ፣ ዋጋ መጨመሩንም ሳትጠየቂ ራስሽ በይው። ሠላሳ በመቶ ከስልሳ ሁለት በመቶ ያንሳል፤ ግን ቢገፉት የማይወድቅ ቁጥር ነው።

ቀጥለሽ ሠላሳ በመቶው ከየት እንደመጣ ፈልጊ። የካርቶን ዕድገት ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው፦ ወይ የሚገዙሽ ሱቆች በዝተዋል፣ ወይ እያንዳንዱ ሱቅ የሚወስደው ጨምሯል። አምና በወር 62 ሱቅ ይገዛሽ ከነበረ 310ን ለ62 አካፍዪው፤ ለአንድ ሱቅ አምስት ካርቶን ይደርሳል። ዘንድሮ 78 ሱቅ ከሆነ 403ን ለ78 ስታካፍዪው 5.2 ገደማ ነው። ይህ ስሌት ብዙ ይናገራል። አንድ ሱቅ የሚወስደው አልተለወጠም ማለት ይቻላል፤ ያደግሽው አዲስ በር በማንኳኳት ነው። ስለዚህ ጠንካራ ጎንሽ አዲስ ደንበኛ መክፈት ነው፣ ለማለትም ማስረጃ አለሽ። ደካማ ጎንሽም እዚያው ይታያል፦ ያሉትን ደንበኞች የበለጠ እንዲወስዱ አላደረግሽም። «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ሲሉሽ «ሥራ በጣም ስለምወድ እቸኩላለሁ» ከሚለው የተለመደ መልስ ይልቅ ይህን ብትናገሪ ይሻላል፤ ምን ልታደርጊ እንዳሰብሽም ጨምሪበት። ለምሳሌ ዱቄት ሳሙና ብቻ ለሚወስዱ ሱቆች ደረቅ ሳሙናውንም አብሮ ማቅረብ።

አሥራ ስድስቱ አዲስ ሱቆች ላይ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሁሉም ያንቺ ናቸው? ሥራ የለቀቀ ባልደረባሽ መስመር ተጨምሮልሽ ከሆነ እነዚያን ቀንሺያቸው። ከ16ቱ አምስቱ ከሰው የተረከብሻቸው፣ አሥራ አንዱ አንቺ የከፈትሻቸው ከሆኑ «አሥራ አንድ» በይ። ስለ አንዱም ዝርዝሩን አዘጋጂ፤ የትኛው ሰፈር፣ ለምን ከአንቺ በፊት አይገዛም ነበር፣ ስንት ጊዜ ተመላልሰሽ፣ ምን ብለሽ አሳመንሽው። ሸዋ በር አካባቢ ያለ ባለሱቅ ዕቃውን እስከ ዛሬ ፒያሳ ካለ ጅምላ ሻጭ በራሱ ኪራይ ያመጣ ነበርና እናንተ ሱቁ በር ድረስ ስለምታደርሱ የኪራዩን ወጪ አስልተሽ አሳይተሽው ተቀየረ፤ እንዲህ ያለ አጭርና ተጨባጭ ነገር በቂ ነው። ጠያቂው ቁጥሩን የሚያምነው ከቁጥሩ ጀርባ አንድ ሱቅ ሲታየው ነው።

ከሽያጩ ቀጥሎ ስብስቡ ይመጣል። በዱቤ በሚሠራ ገበያ ያልተሰበሰበ ሽያጭ ሽያጭ አይባልም፤ አሠሪዎች ደግሞ በዚህ ክፉኛ ስለተጎዱ ያለማወላወል ይጠይቁታል። አንድ ቁጥር ብቻ ያዢ፦ በአንድ ወር በዱቤ ከሰጠሽው ውስጥ በቀጠሮው ቀን የገባው ስንት ነው? 200,000 ብር ሰጥተሽ በ15 ቀኑ 184,000 ከገባ 92 በመቶ ነው። የቀረው 16,000 የት እንዳለም ዕወቂ፤ ዘግይቶ ገብቷል፣ ወይስ እስከ ዛሬ ውዝፍ ነው? የተበላሸ ካለ አትደብቂው። የአንድ ሱቅ ዕዳ የተበላሸበት ሻጭ ምን እንደተማረና ከዚያ በኋላ የዱቤ ጣሪያውን እንዴት እንዳስተካከለ ከተናገረ፣ ምንም አልተበላሸብኝም ከሚለው ይበልጥ ይታመናል።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፊው፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። የምትሠሪበትን ድርጅት ደረሰኞችና የደንበኞች ስም ዝርዝር ግን ይዘሽ አትሂጂ። ይህንን ብዙዎች ማስረጃ ያጠነክራል ብለው ያደርጉታል፤ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። የአንዱን ድርጅት ምስጢር ይዛ የመጣች ሻጭ ነገ የእኛንም ይዛ ትሄዳለች ብለው ነው የሚያስቡት፤ ትክክልም ናቸው። የካርቶኑን፣ የሱቆቹን ብዛትና የመቶኛውን መጠን መናገር በቂ ነው። የሱቅ ስም ካስፈለገ «ሰኞ ገበያ ያለ አንድ መካከለኛ ሱቅ» ማለት ይበቃል። ለማረጋገጥ ከፈለጉ ደግሞ የሚደውሉለት ሰው፣ የቀድሞ ተቆጣጣሪሽ ለምሳሌ፣ አስቀድመሽ ፈቃዱን ጠይቂና ስልኩን ያዢ። እሱ የሚያውቀው ቁጥርና አንቺ የምትናገሪው አንድ እንዲሆን ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ አስታውሺው።

ስትናገሪው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በእኔ አስተያየት እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «የምሠራው በደሴ ከተማ ሁለት ሰፈር ነው፤ የምሸጠው ሳሙና ነው። አምና ከመስከረም እስከ ኅዳር በወር በአማካይ 310 ካርቶን ነበር፤ ዘንድሮ በእነዚያው ወራት 403 ደርሷል። በብር ከዚህ በላይ ነው የጨመረው፣ ግን ዋጋ ስለጨመረ እኔ በካርቶን ነው የምቆጥረው። ዕድገቱ የመጣው ከአዲስ ሱቆች ነው፤ አሥራ አንዱን እኔ ነኝ የከፈትኳቸው። በዱቤ ከምሰጠው ዘጠና ሁለት በመቶው በቀኑ ይገባል።» ከዚያ ዝም በይ። ጠያቂው የሚመዝንሽ በዚህ ንግግር ሳይሆን ቀጥሎ በሚጠይቅሽ ላይ ነው፤ «ለምን?» «እንዴት?» «እሱ ብቻ ነው?» ሲል መልሱ ካለሽ አለፍሽ። ቁጥሮቹን በቃልሽ ከማጥናት ይልቅ ለእያንዳንዳቸው ሁለተኛ ጥያቄ ቢመጣ ምን እንደምትዪ አስቢ።

«ይህን ሽጪልኝ» የሚለውም ፈተና ውስጡ ይኸው ነው። ጠያቂው እስክሪብቶ መግዛት አይፈልግም። የሚያየው አራት ነገር ነው፦ ከመናገርሽ በፊት ትጠይቂያለሽ ወይ፣ የነገረሽን ሰምተሽ ተጠቀምሽበት ወይ፣ «አልፈልግም» ሲልሽ ምን ሆንሽ፣ በመጨረሻም ትዕዛዝ ጠየቅሽ ወይ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ነው። እስክሪብቶውን ይቀበልና «ይህ እስክሪብቶ ቆንጆ ነው፣ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፣ በእጅ ለመያዝ ይመቻል» እያለ ትንፋሽ እስኪያጥረው ይዘረዝራል፤ ሲጨርስ «በቃ፣ ይኼው ነው» ይላል። ለማን እንደሚሸጥ አልጠየቀም፣ ይግዙኝም አላለም። ሌላው ደግሞ «እስኪ ስምዎን ይጻፉልኝ» ብሎ እስክሪብቶውን ይዞ መቀለድ ነው። ይህን ጠያቂዎች እስኪሰለቻቸው አይተውታል፤ አንዴ ከሳቁ በኋላ «አሁን ደግሞ ሽጪልኝ» ይሉሻል።

ዕቃውን ስትቀበዪ አምስት ሰከንድ ወስደሽ እዪው። እስክሪብቶ ከሆነ መክደኛውን ክፈቺ፣ ወረቀት ላይ ጫሪበት። ይጽፋል? ጫፉ ባለ ኳስ ነው ወይስ ጄል? ይህን የምታደርጊው ስለ ዕቃው ያላየሽውን ነገር እንዳትናገሪ ነው። «አንድ ዓመት ይጽፋል» ካልሽ ማን ነገረሽ? በቃለ መጠይቅ ላይ የሌለ ጥቅም የፈጠረች ሻጭ ባለሱቅ ፊትም ትፈጥራለች፤ የሚመለሰውን ዕቃና ጭቅጭቁን የሚሸከመው ድርጅቱ ነው። ያልጻፈ እንደሆነ ደግሞ «ይሄኛው ቀለም አልቋል፣ ሌላ ቢሰጡኝ» ብትዪ ማንም አይቀየምሽም።

ከዚያ ወደ ጠያቂው ዙሪ። የሽያጭ ኃላፊ ነው እንበል።

«እስኪ ይህን እስክሪብቶ ሽጪልኝ።»

«እሺ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። በቀን ውስጥ እስክሪብቶ አብዛኛውን ጊዜ ለምን ይጠቀሙበታል?»

«ለፊርማ ነው። ትዕዛዝ፣ የዕቃ መውጫ።»

«ወረቀቱ ካርቦን ያለው ነው?»

«አዎ፣ ሦስት ኮፒ ነው።»

«ሦስተኛው ኮፒ ይነበባል?»

«አንዳንዴ አይነበብም።»

«ሳይነበብ ሲቀር ምን ይሆናል?»

«ሒሳብ ክፍል ይመልሰዋል። ከባለሱቅ ጋርም ስንት ካርቶን ነው እየተባለ መጨቃጨቅ አለ።»

«እንግዲያው ለእርስዎ ዋናው ነገር የታችኛው ኮፒ ላይ መነበቡ ነው። ይህ ባለ ኳስ ጫፍ ነው፤ ተጭነው ሲጽፉበት ኃይሉን ወደ ታች ያስተላልፋል፤ ጄል ግን ሳይጫኑት ስለሚጽፍ ካርቦን ላይ ይደክማል። እስኪ ሦስት ወረቀት ደርበው ይፈርሙና የታችኛውን በጣትዎ ይዳስሱት።» (ይሞክራል።) «ለሻጮችዎ አንድ ደርዘን ላስመዝግብልዎት?»

እዚህ ላይ አፍሽን ዝጊ። ትዕዛዝ ከጠየቅሽ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ይከብዳል፣ እሱን ለመሙላት ብለሽ «ካልሆነም ስድስት፣ ዋጋም እንቀንሳለን» ካልሽ በራስሽ ላይ ነው የተደራደርሽው። እሱ እስኪመልስ ጠብቂ።

ንግግሩን መለስ ብለሽ ብታዪው ጥያቄዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከፊተኛው መልስ ላይ ነው የተነሡት። «ለፊርማ» ስላለ ነው ስለ ካርቦን የተጠየቀው፣ «አይነበብም» ስላለ ነው ምን እንደሚያስከትል የተጠየቀው። ይህንን ቃል በቃል አጥንተሽ ብትሄጂ አይሠራም፤ የሚቀጥለው ጠያቂ «እኔ እስክሪብቶ አልጠቀምም፣ ሁሉንም በኮምፒውተር ነው» ሊልሽ ይችላል። ያን ጊዜ «ታዲያ ወረቀት ላይ የሚፈርሙ ሠራተኞች አሉዎት?» ብለሽ ትቀጥያለሽ። የምትይዢው ቅደም ተከተሉን ነው፦ ምን ላይ ይጠቀሙበታል፣ ምን ያስቸግራል፣ ችግሩ ምን ያስወጣል፣ ከዚያ ዕቃው ከዚያ አንዱ ችግር ጋር ብቻ ይያያዛል። ሌላው ጥቅሙ ሁሉ ይቅር። ሰውየው ስለ ኮፒ እየተናገረ አንቺ ስለ ቀለሙ ውበት ካወራሽ እንዳልሰማሽው ይገባዋል። ጠቅላላው ከሦስት ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ከዚያ ተቃውሞ ይመጣል፤ ሆን ብለው ያመጡታል። ደሴ ገበያ ውስጥ በየቀኑ ከምትሰሚው የተለየ አይደለም። ባለሱቅ «አለኝ እህቴ፣ በሌላ ጊዜ» ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ? «ስንት ቀረዎት?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ መደርደሪያው ላይ ሁለት ፍሬ ቀርቶ «አለኝ» የሚል ብዙ ነው። ጠያቂው «እስክሪብቶ አለኝ» ካለሽም እንደዚያው «የያዙት ሦስተኛው ኮፒ ድረስ ያሳያል?» በይ። «ውድ ነው፣ መንገድ ላይ በርካሽ አገኛለሁ» ካለ ወዲያው ዋጋ አትቁረጪ። «ልክ ነዎት፣ ርካሽ አለ። የማይመችዎት ዋጋው ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር አለ?» ብለሽ ለይው። ዋጋው ብቻ ከሆነ፣ አንድ የተመለሰ ወረቀት እንደገና ለማስፈረም ሻጩ ወደ ሱቁ መመለሱን ራሱ ቀደም ብሎ ከነገረሽ ጋር አያይዢለት። አሁንም እምቢ ካለ ትዕዛዙን አሳንሺ እንጂ ዋጋውን አታሳንሺ፦ «ደርዘኑ ይቅርና ሦስት ይውሰዱ፤ ሰኞ ተመልሼ ሦስተኛውን ኮፒ አብረን እናየዋለን።» ብዛቱን ስትቀንሺ ዋጋሽ ይጠበቃል፣ የመመለሻ ቀጠሮም ታገኛለሽ። ዋጋውን ከቀነስሽ ግን ሰውየው በሚቀጥለውም ጊዜ መጀመሪያ «ውድ ነው» ነው የሚልሽ፤ አንዴ ሠርቶለታልና። ድርጅቱም ያለ ፈቃድ ዋጋ የሚቆርጥ ሻጭ አይፈልግም።

አንዳንዱ ጠያቂ ደግሞ «ጥያቄ አትጠይቂኝ፣ ዝም ብለሽ ሽጪ» ይላል። እንዳትደናገጪ። ግምትሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪና ከዚያ ተነሺ፦ «እሺ፣ እርስዎ ብዙ ሻጮች የሚያስተዳድሩ፣ ትዕዛዝ በካርቦን የሚቀበሉ ሰው ነዎት ብዬ ልነሣ።» ግምቱ ስሕተት ከሆነ ራሱ ያርምሻል፤ ማረሙ ደግሞ የከለከለሽን መልስ ሰጠሽ ማለት ነው።

አንቺ የምትሄጂበት ድርጅት ብስኩት አምራች ስለሆነ፣ ከእስክሪብቶ ይልቅ የራሳቸውን ብስኩት አንሥተው ይሰጡሽ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። ይህ ከበድ ይላል፤ ብዙዎች ስለ ጣዕሙ ማውራት ይጀምራሉና። የዚህ ድርጅት ሻጭ ግን ብስኩት ለሚበላው ሰው አይሸጥም፣ ለባለሱቅ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «እንደ ባለሱቅ ልያዝዎት?» ይሁን። ይህ አንዱ ጥያቄ ብቻውን ሥራውን እንደምታውቂው ይናገራል። ባለሱቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ያተርፍልኛል፣ በስንት ቀን ያልቃል፣ ቢሰበር ወይም ጊዜው ቢያልፍ ማን ይከፍላል።

በቁጥር እንዲህ ነው። አንዱ ካርቶን 24 ፍሬ ይዞ 480 ብር ቢሆን ፍሬው በ20 ብር ይገባለታል፤ በ23 ከሸጠው በካርቶን 72 ብር ያገኛል፣ ከገዛበት 15 በመቶ ማለት ነው። በቀን አራት ፍሬ ከሸጠ ካርቶኑ በስድስት ቀን ያልቃል፤ ስለዚህ 480 ብሩ በስድስት ቀን 72 ብር ይዞ ተመለሰለት። ጎኑ የተቀመጠው ሌላ ብስኩት በካርቶን 96 ብር ቢያተርፍም ሃያ ቀን የሚቆይ ከሆነ፣ በሃያ ቀን ውስጥ የእናንተው ከሦስት ጊዜ በላይ ዞሮ ከ200 ብር በላይ ያመጣል። ይህን ስሌት ጠያቂው ፊት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ብታሳዪው የሚሻል መልስ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ትክክለኛውን የካርቶን ዋጋና ፍሬ ብዛት ካላወቅሽ «ለምሳሌ» በይ፤ የእነሱን ዋጋ ፊታቸው ላይ አትሳቺ። «ቢሰበርስ?» ሲሉሽም የድርጅቱን የመመለሻ ደንብ ስለማታውቂ ቃል አትግቢ፤ «ስብርባሪውን በምን መልክ እንደምትቀበሉ ጠይቄ እስከ ነገ እነግርዎታለሁ» በይ። ይህም አንድ ፈተና ነው፤ ለመሸጥ ብላ በድርጅቱ ስም ያልተፈቀደ ቃል ትገባለች ወይ የሚለውን ያዩበታል።

ዋጋውን ለማወቅ ደግሞ አንድ ቀን ይበቃሻል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቃለ መጠይቁ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ውረጂና ስምንት ወይም አሥር ሱቅ ዙሪ። ትንሽ ነገር ግዢ፣ ከዚያ ተመልከቺ፦ ብስኩታቸው አለ? የት መደርደሪያ ላይ ነው፣ ዓይን ፊት ነው ወይስ ከታች? ጎኑ ምን አለ? በስንት ይሸጣል? የማብቂያ ቀኑ መቼ ነው? ባለሱቁ ጊዜ ካለው «ሻጫቸው በስንት ቀን ይመጣል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ለምን እንደጠየቅሽም ሳትዋሺ ንገሪው፣ ሥራ ልትቀጠሪ እንደሆነ ከሰማ ሳትጠይቂውም ብዙ ይነግርሻል። በአሥር ሱቅ የከተማው ገበያ አይታወቅምና «ኮምቦልቻ ውስጥ ስርጭታችሁ ደካማ ነው» አትበያቸው። «ካየኋቸው አሥር ሱቆች በስድስቱ ፓስታችሁ ነበር፣ ብስኩቱ በሦስቱ ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ሁለቱ ባለሱቆች ሻጭ ሲመጣ ብስኩት አይዝም አሉኝ» ብትዪ ግን ያየሽውን ነው የተናገርሽው። ከዚያ «ፓስታ የሚወስዱት ሱቆች ብስኩቱንም እንዲወስዱ በመጀመሪያው ወር ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ይጠይቁሻል። እዚያ ላይ ከሳሙናው ስሌት የወጣው ድክመትሽ ይመለሳል፤ ለአንድ ሱቅ ተጨማሪ ዓይነት መሸጥ ላይ ያልበረታሽ መሆንሽን ቀደም ብለሽ ነግረሻቸዋልና፣ ዕቅድሽ በዚያው ላይ ይሁን፦ ፓስታ ከሚወስዱት ውስጥ ሃያ ሱቅ ትመርጫለሽ፣ ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ካርቶን ሳይሆን ግማሽ ካርቶን ለሙከራ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ትጠይቂያለሽ፣ በሳምንቱ ተመልሰሽ የቀረውን ፍሬ ትቆጥሪያለሽ። የሃያው ሱቅ ሁለተኛ ትዕዛዝ ስንት እንደሆነ በወሩ መጨረሻ ለተቆጣጣሪሽ የምታቀርቢው የመጀመሪያ ሪፖርትሽ ይሆናል።